በስህተት የበራን ቶክባክ በሩቅ ሆኖ ማስጠፋት፦ ስክሪንሾቱን እንዴት ተርጉመን እንላክ?

ቶክባክ የሚባለው፣ ስክሪኑን በድምፅ የሚያነበው አገልግሎት፣ በስህተት የበራበት አንድሮይድ ስልክ የተበላሸ ነው የሚመስለው። አንዱን ምልክት ሲነኩት አይከፈትም፤ ዙሪያውን ባለቀለም አራት ማዕዘን መስመር ይከበዋል፣ ስልኩም የተነካውን ነገር ስም ጮክ ብሎ ያነባል። ገጹን በአንድ ጣት ወደ ላይ ቢገፉት አይንቀሳቀስም። አንዳንዱ ሰው በዚህ ተደናግጦ ስልክ ሠሪ ጋ ይወስድና ፎርማት ያስደርገዋል፤ ፎቶውና የተመዘገበው ቁጥር ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ችግሩ ግን አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ናት።

ብዙ ጊዜ ይህ ጥሪ የሚደርሰው ሩቅ ላለ ልጅ ነው። እናት ደሴ ናት፣ ልጅ ሪያድ ወይም ዋሽንግተን። ስልኩ በእንግሊዝኛ ነው፣ እናት ደግሞ እንግሊዝኛ አታነብም። በቃል ብቻ «ሴቲንግ ግቢ፣ ከዚያ ወደ ታች ውረጂ» ማለት ሰዓት ይፈጃል፣ ሁለቱንም ያደክማል። የሚሠራው መንገድ የየገጹን ስክሪንሾት በአማርኛ ተርጉሞ፣ ምን እንደሚነካና እንዴት እንደሚነካ ሥዕሉ ላይ ጽፎ መላክ ነው። እዚህ የምጽፈው ይህ ሥራ በየደረጃው እንዴት እንደሚሠራና የት የት እንደሚከሽፍ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፦ በቤቱ ውስጥ ዓይኑ የማያይ ወይም እይታው የደከመ ሰው በዚህ ስልክ ይጠቀማል? ቶክባክ የተሠራው ለእነሱ ነው፤ ስክሪኑን በድምፅ የሚያነብላቸው ዓይናቸው ነው። ሆን ብለው ያበሩት ከሆነ ማጥፋት ማለት ስልኩን መንጠቅ ነው። ማንም ሳያውቅ የበራ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ወደ ሥራው ይገባል።

ስክሪንሾት ከመሠራቱ በፊት ደግሞ አጭሩ መንገድ ይሞከር። በብዙ ስልኮች ላይ ድምፅ መጨመሪያውንና መቀነሻውን እኩል ተጭኖ ለ3 ሰከንድ ያህል መያዝ ቶክባክን ያበራል፣ ያጠፋልም። አብዛኛውን ጊዜ በስህተት የሚበራውም በዚሁ ነው፦ ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ተጨቁኖ ወይም ሕፃን ሁለቱን ቁልፍ አንድ ላይ ይዞ። ሲሞከር ሁለቱ ቁልፎች እኩል መጫን አለባቸው። አንዱ ከቀደመ ስልኩ ድምፅ መቀነስ ወይም መጨመር ብቻ ይመስለዋል። እስከ አምስት ቆጥራችሁ ልቀቁ በሏቸው፤ ሦስት ሲቆጠር በፍጥነት ስለሚቆጠር ይጎድላል። በዚህ ከጠፋ የትርጉም ሥራ አያስፈልግም። ካልጠፋ አቋራጩ በዚያ ስልክ ላይ አልተፈቀደም ማለት ነውና በሴቲንግ በኩል መሄድ ግድ ነው።

ቀጥሎ የገጾቹ ምስል ያስፈልጋል። ቶክባክ በበራበት ስልክ ላይም ማጥፊያውንና ድምፅ መቀነሻውን አንድ ላይ ተጭኖ ስክሪንሾት ማንሳት ይቻላል። ከባዱ መላኩ ነው፤ ቴሌግራም ከፍቶ፣ ሰው መርጦ፣ ፎቶ አያይዞ መላክ እያንዳንዱ በሌላ ዓይነት አነካክ ስለሚሆን ላላወቀው ሰው ሴቲንግ ከመግባት የበለጠ አድካሚ ነው። ስለዚህ ጎረቤት ወይም የልጅ ልጅ በሌላ ስልክ የታመመውን ስልክ ስክሪን ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። ከዚያ በኋላም ሁሉም ግንኙነት በዚያ በሁለተኛው ስልክ ይሁን። እናንተም የምትልኩት ትርጉም እዚያው ይድረስ፤ እናት አንዱን ስልክ እያየች በሌላው ትሠራለች። ይህ ካልተደረገ ከቴሌግራም ወደ ሴቲንግ፣ ከሴቲንግ ወደ ቴሌግራም ስትመላለስ መንገዱ ይጠፋታል።

የሚፈለጉት ፎቶዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ስልኩ ሲበራ የሚታየው ዋናው ገጽ ነው፤ ሴቲንግ የምትባለው ጥርስ ያላት ክብ ምልክት የት እንዳለች ለማወቅ። ሁለተኛው የስልኩ ጀርባ ወይም ካርቶኑ ነው፤ የየትኛው ድርጅት፣ የትኛው ሞዴል እንደሆነ ይነግራችኋል። የቀሩትን ገጾች ተመሳሳይ ስልክ ካላችሁ ከራሳችሁ ስልክ አንሱ፤ ከሌላችሁ እያንዳንዱ ገጽ በተከፈተ ቁጥር ፎቶው እየተላከ ወደፊት ይኬዳል። ይህኛው ይዘገያል፣ ግን ስህተት አይገባበትም፤ የሚተረጎመው እሷ ፊት ያለው ገጽ ራሱ ነውና።

አሁን ወደ ትርጉሙ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ አጥፍቶ በቦታው አማርኛ በማስገባት ነው። የትርጉም መተግበሪያዎችም ካሜራ ሲደቀንባቸው የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ውጤቱ ቆንጆ የአማርኛ ገጽ ነው፤ ግን እናት እጅ ላይ ያለው ስልክ ላይ «ተደራሽነት» የሚል ጽሑፍ የለም። የሌለውን ፍለጋ ትገባለች። እንግሊዝኛውን ባታነብም የፊደሉን ቅርጽ ማመሳሰል ትችላለች፤ ስለዚህ ጽሑፉ እንዳለ ይቀመጥ፣ በቀይ ይከበብ፣ ትርጉሙና ትእዛዙ ከጎኑ ወይም ከሥሩ ይጻፍ። ቶክባክ ያለበትና «ተደራሽነት» ተብሎ የሚተረጎመው Accessibility በ A የሚጀምር ረጅም ቃል ነው፣ በብዙ ስልኮች ከአጠገቡ እጁን የዘረጋ ትንሽ ሰው ሥዕል አለ። «ሰውዬው ያለበትን መስመር» ማለት ከየትኛውም ትርጉም ይልቅ ቶሎ ያገናኛል።

ሁለተኛው ነገር አነካኩ ነው። መደበኛ መመሪያ ሁሉ «ይህን ንኩ» ይላል። ቶክባክ ሲበራ ግን አንድ ጊዜ መንካት መምረጥ ብቻ ነው፤ የሚከፍተው ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ መምታት ነው። ይህ በአንድ ሥዕል ላይ እንኳ ካልተጻፈ እናት እዚያ ትቆማለች። የሁለቱ ምት ቦታ ደግሞ ምልክቱ ላይ መሆኑ ግዴታ አይደለም፤ ስክሪኑ ላይ የትም ቢመታ የሚከፈተው አራት ማዕዘኑ ያረፈበት ነገር ነው። ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፦ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ትንሿን ጽሑፍ ደግሞ ማነጣጠር አያስፈልገውም። አደጋውም እዚያው ነው፤ መስመሩ ሌላ ነገር ላይ እያለ ከተመታ ሌላ ነገር ይከፈታል። ስለዚህ በየሥዕሉ ትእዛዙ በሦስት ይከፈል፦ ንኩት፣ መስመሩ እሱን መክበቡን እዩ፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ምቱ። መካከለኛውን የሚዘልለው መመሪያ ነው ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው።

ገጹን ወደ ታች ለማውረድ ሁለት ጣት ያስፈልጋል። ሁለቱ ጣቶች ከተጣበቁ ስልኩ እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል፤ በመካከላቸው የሁለት ጣት ስፋት ያህል ክፍተት ይኑር፣ እኩል ይነኩ፣ እኩል ወደ ላይ ይገፉ። ሁለቱ ምቶችም በመካከላቸው ዕረፍት ካለ እንደ ሁለት የተለያዩ ንኪዎች ነው የሚቆጠሩት። በር እንደሚንኳኳ «ኳ ኳ» ማለት ለአብዛኛው ሰው ፍጥነቱን በትክክል ያስይዛል።

ሥዕሉን ስታዘጋጁ በአንድ ሥዕል አንድ ድርጊት ብቻ ይኑር። ቁጥሩ ምስሉ ራሱ ላይ ይጻፍ እንጂ ከሥር በሚላከው መልእክት ላይ አይሁን፤ ፎቶዎቹ ሲተላለፉ ጽሑፉ ከፎቶው ይለያል፣ ቅደም ተከተሉም ይዛባል። ገጹን አትቁረጡት፤ የላይኛው ርዕስ ካልታየ እናት ትክክለኛው ገጽ ላይ መሆኗን የምታረጋግጥበት የላትም። በሴቲንግ መጀመሪያ ገጽ ላይ ግን ስምና የኢሜይል አድራሻ ስለሚታይ፣ ምስሉ በሦስተኛ ሰው ስልክ በኩል ስለሚያልፍ፣ ያንን ቦታ በጥቁር ሸፍኑት። ጽሑፉን ደግሞ ለማን እንደምትጽፉ አስቡ፤ ለእናት ብቻ ከሆነ «ንኪ» ይበቃል፣ ጎረቤት አንብቦ የሚያስረዳ ከሆነ ወይም ለሌላ አዛውንት የሚተላለፍ ከሆነ «ይንኩ» ይሻላል።

እስቲ አንዱን ጉዳይ ከመጀመሪያው እንሂድበት። ስልኩ በእንግሊዝኛ ነው፣ በፒን ተቆልፏል፣ የድምፅ ቁልፎቹ አልሠሩም።

ሥዕል 1 የመቆለፊያው ገጽ ነው። ከሱ ጋር የሚሄደው ጽሑፍ፦ «በሁለት ጣት ከታች ወደ ላይ ይግፉ። ቁጥሮቹ ይመጣሉ። የመጀመሪያውን ቁጥር ይንኩና ጣትዎን ያንሱ። ከላይ አንድ ነጥብ ከታየ ቁጥሩ ገብቷል፣ ወደሚቀጥለው ይለፉ። ነጥብ ካልታየ ሁለት ጊዜ ኳ ኳ ያድርጉ።» ይህ ጥንቃቄ ያስፈለገው ስልኮች እዚህ ላይ ስለሚለያዩ ነው፤ በአንዳንዱ ጣት ሲነሣ ቁጥሩ ይገባል፣ በአንዳንዱ ሁለት ምት ይፈልጋል። ሳያዩ ሁለቴ ከመቱ አንዱ ቁጥር ተደግሞ ይገባና ፒኑ ስህተት ይሆናል። ደጋግሞ ከተሳሳተ ስልኩ መጠበቂያ ጊዜ ይሰጣል፤ ያኔ ዝም ብሎ መጠበቅ እንጂ መጨቅጨቅ አይረዳም።

ሥዕል 2 ዋናው ገጽ፣ ጥርስ ያላት ክብ በቀይ ተከባ፦ «ይህቺን ይንኩ። መስመሩ ሲከብባት ኳ ኳ።» የሚከፈተው ገጽ ራስጌው ላይ Settings ይላል።

ሥዕል 3 የሴቲንግ ዝርዝር፦ «በሁለት ጣት ወደ ላይ እየገፉ Accessibility የሚለውን፣ ሰውዬው ያለበትን፣ ይፈልጉ። ይንኩ፣ መስመሩን ይዩ፣ ኳ ኳ።» ዝርዝሩ ረጅም ስለሆነ እዚህ ጊዜ ይወስዳል። በሻዎሚ ስልኮች ይህ ቃል Additional settings ከሚለው ውስጥ ነው ያለው፤ በሌሎች አንዳንድ ስልኮች ደግሞ System ውስጥ ይገኛል። ለዚህ ነው ሞዴሉን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈለገው፤ ያለበለዚያ እናት የሌለ ቃል ለማግኘት ዝርዝሩን ሦስት ጊዜ ትወጣዋለች፣ ትወርደዋለች።

ሥዕል 4 የአክሰሲቢሊቲ ገጽ፦ «TalkBack የሚለውን ይንኩ፣ መስመሩን ይዩ፣ ኳ ኳ። ከሱ በታች ያሉትን አይንኩ።» ይህ ክልከላ በሥዕሉ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። በዚሁ ገጽ ላይ Select to Speak እና Switch Access የሚባሉ ሌሎች አገልግሎቶች አሉ፤ በተለይ ሁለተኛው ከበራ ችግሩ ሁለት ይሆናል። የቆዩ ሳምሰንግ ስልኮች ላይ TalkBack የሚል ላይገኝ ይችላል፤ Voice Assistant በሚል ስም ነው ያለው፣ ብዙውን ጊዜም Screen reader ወይም Vision የሚለው ውስጥ። ሥራው ያው ነው።

ሥዕል 5 ማብሪያ ማጥፊያው ያለበት ገጽ ነው። በአንዳንድ ስልክ Use TalkBack፣ በቆዩት Use service፣ በሳምሰንግ ደግሞ On ብቻ ይላል። ከሁሉም ጎን ትንሽ ማብሪያ አለች። «ማብሪያዋ ያለችበትን ረድፍ ይንኩ፣ መስመሩ ሲከብበው ይዩ፣ ኳ ኳ።»

ሥዕል 6 ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ማብሪያዋ ስትነካ ብዙ ስልክ ወዲያው አያጠፋም፤ «ላጥፋው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ትንሽ ሳጥን ያወጣል። አሁንም ቶክባክ እንደበራ ነው፣ ስለዚህ አሁንም ሦስቱ ደረጃዎች ይፈለጋሉ። መልሱ እንደ ስልኩ ዕድሜ Turn off፣ Stop ወይም OK የሚል ነው፤ ሌላኛው ቁልፍ Cancel ወይም Keep on ይላል፣ እሱ ወደ ኋላ ይመልሳል። ሦስቱንም ቃላት ሥዕሉ ላይ ጻፏቸው፣ የሚመጣው አንዱ ነውና። ይህ ሥዕል ካልተላከ እናት ማብሪያዋን ነክታ ሳጥኑ ሲወጣ ግራ ይገባትና ወደ ኋላ ትመለሳለች፤ «አጥፍቼዋለሁ ግን አልጠፋም» የሚለው ስልክ የሚመጣው ከዚህ ነው።

በዚህ መካከል ሌላ ሳጥን ከወጣ፣ full control የሚል ረጅም ጽሑፍና Allow እና Deny የሚሉ ቁልፎች ያሉት፣ ቶክባኩ ጠፍቶ ነበርና እንደገና እየበራ ነው ማለት ነው። እዚያ ላይ Deny ነው የሚመረጠው። ይህ የሚሆነው ማብሪያዋ ሁለት ጊዜ ስትነካ ነው፤ መጀመሪያ ጠፍቷል፣ ከዚያ መደበኛው አነካክ ስለተመለሰ ያው የለመደችው «ኳ ኳ» እንደገና ይከፍተዋል። ለዚህ ሥዕል 6 ግርጌ ላይ «ድምፁ ከቆመና መስመሩ ከጠፋ እጅዎን ያንሱ፣ ምንም አይንኩ» የሚል ይጨመር።

መንገድ ከጠፋ ወደ ኋላ መመለሻው እንደ ስልኩ ይለያያል። ከታች የመመለሻ ምልክት ካለ እሱን ነክቶ ኳ ኳ ማለት ነው። ምልክቱ ከሌለ በአንድ ጣት፣ ሳያነሡ፣ መጀመሪያ ወደ ታች ከዚያ ወደ ግራ መሳብ ይመልሳል፤ ወደ ላይ ከዚያ ወደ ግራ መሳብ ደግሞ ወደ ዋናው ገጽ ይወስዳል። በአንድ ቅጽበት ሳያቋርጡ መሳቡን ቀስት ሥሉበትና እንደ ተጨማሪ ሥዕል ላኩት። በቃል ከምትገልጹት ይልቅ በቀስት ይገባል።

መጥፋቱን እንዴት ማረጋገጥ ይቻላል? «ድምፅ አለ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። የስልኩ ድምፅ እስከ ታች ተቀንሶ ቶክባክ ዝም ብሎ ሊሆን ይችላል፤ መስመሩና ሁለት ምቱ ግን እንዳለ ነው። ትክክለኛው ፈተና አንድ ምልክት አንዴ ሲነካ ወዲያው መከፈቱና ገጹ በአንድ ጣት መንቀሳቀሱ ነው። እነዚህ ሁለቱ ከሆኑ ጠፍቷል። እናትን ይህን ካደረገች በኋላ የስልክ ማውጫዋን አንድ ጊዜ እንድትከፍት አድርጓት፤ ራሷ ስታየው ነው የምታምነው።

ያላለቀ አንድ ሥራ አለ። የድምፅ ቁልፎቹ አቋራጭ ተፈቅዶ ከሆነ ነገ ቦርሳ ውስጥ እንደገና ይበራል። ይህን ግን በዚያው ስብስብ ሥዕል ውስጥ አትክተቱት፤ ሁለት ተግባር ሲቀላቀል የቱ እንዳለቀ አይታወቅም። ቶክባክ መጥፋቱ ከተረጋገጠ በኋላ፣ አሁን በመደበኛ አነካክ፣ ሌላ አጭር ስብስብ ይላክ። በቶክባክ ገጽ ላይ ከዋናው ማብሪያ በታች TalkBack shortcut የሚል መስመር አለ፤ እሱ ሲነካ ከሚመጡት ምርጫዎች የድምፅ ቁልፎቹን የሚጠቅሰው፣ Volume keys የሚል ቃል ያለበት፣ ምልክቱ ይነሣል። በሳምሰንግ ላይ ይህ Accessibility ውስጥ Advanced settings በሚለው ሥር ነው። የላይኛው ትልቁ ማብሪያ ግን እንዳይነካ በሥዕሉ ላይ X ይደረግበት፤ ቶክባክን መልሶ የሚያበራው እሱ ነውና።

ስልኩ ከገልፍ አገር ተልኮ በአረብኛ ከሆነ ሥዕሉን ከራሳችሁ የእንግሊዝኛ ስልክ ወስዳችሁ መላክ አይሠራም። ገጹ ከቀኝ ወደ ግራ ይገለበጣል፤ ምልክቶቹ በቀኝ፣ ማብሪያዎቹ በግራ ይሆናሉ፣ «ነጥቧ ወደ ቀኝ ከሆነ በርቷል» የሚለው ምልክትም ይገለበጣል። ስለዚህ በቦታ ሳይሆን በቀለም ግለጹ፦ ቀለም ያላት በርታለች፣ ግራጫ የሆነችው ጠፍታለች። ቋንቋውን በመሐል ወደ እንግሊዝኛ ወይም ወደ አማርኛ ለመቀየር አትሞክሩ፤ ያ ራሱ ሌላ ረጅም መንገድ ነው፣ የላካችኋቸው ሥዕሎችም ከስልኩ ጋር መመሳሰል ያቆማሉ። ቶክባክ ከጠፋ በኋላ ቋንቋውን መቀየር በአንድ ጣት የሚሠራ ቀላል ነገር ይሆናል።